ብረት ጎድሎ ፌሪቲን “ኖርማል” ሲሆን

ለደም ማነስ የተመረመረ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ፌሪቲን የሚለው መስመር ላይ ነው። ቁጥሩ ከጎኑ በተጻፈው ክልል ውስጥ ከሆነ “ብረት አልጎደለኝም” ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ድምዳሜ ያስኬዳል። ኢንፌክሽን ለያዘው ወይም ሰውነቱ ለተቆጣ ሰው ግን ያው ቁጥር እውነተኛ እጥረትን ሊሸፍን ይችላል።

ፌሪቲን ብረት የሚያከማች ፕሮቲን ነው። ሰውነታችን ለጊዜው ያልፈለገውን ብረት በጉበት፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኒ ሴሎች ውስጥ በዚህ ፕሮቲን ይይዘዋል። አንዷ የፌሪቲን ቅንጣት እስከ 4,500 የሚደርሱ የብረት አተሞችን መያዝ ትችላለች። ሴሎቹ ከዚህ ፕሮቲን ጥቂቱን ወደ ደም ይለቃሉ፤ የምንለካው እሱን ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በጎተራው ካለው ብረት ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ጎተራውን ሳንከፍት ይዘቱን ለመገመት ያገለግለናል።

ችግሩ የሚመጣው ሰውነት ሲቆጣ ነው። ባክቴሪያ ሲገባ፣ ቁስል ሲመረቅዝ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሲያገረሽ የመከላከያ ሴሎች የማንቂያ መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው ዋነኛው ነው። መልእክቱ ሲደርስ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ።

አንደኛ፣ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ሄፕሲዲን ብረት ከሴሎች የሚወጣበትን ብቸኛ በር፣ ፌሮፖርቲንን፣ ይዘጋል። በአንጀት ግድግዳ ያለው በር ሲዘጋ ከምግብም ሆነ ከኪኒን የሚገባው ብረት ይቀንሳል። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎችን የሚፈጩት ሴሎች በር ሲዘጋ ደግሞ መልሰው የሚያቀብሉት ብረት እዚያው ይታሰራል። መቅኒ በየቀኑ ደም ለመሥራት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ይፈልጋል፤ ከምግብ የሚገባው ግን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ቀሪው የሚመጣው ከዚያ ከሚፈጨው ደም ነውና በሩ ሲዘጋ መቅኒ ይራባል። ሰውነት ይህን የሚያደርገው አውቆ ነው፤ ተህዋሲያንም ለመራባት ብረት ስለሚያስፈልጋቸው እንዳያገኙት ይሸሽገዋል።

ሁለተኛ፣ እነዚያው የማንቂያ ፕሮቲኖች ሴሎች ተጨማሪ ፌሪቲን እንዲሠሩና እንዲለቁ በቀጥታ ያዛሉ። ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። በሕመም ጊዜ ፌሪቲን የሚወጣው የታሰረ ብረት ስለተከማቸ ብቻ አይደለም፤ በጎተራው ውስጥ የረባ ነገር ባይኖርም ከቁጣው የተነሳ ብቻ ይጨምራል። እጥረቱ ፌሪቲንን ወደ ታች ይስበዋል፣ ቁጣው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሁለቱ ድምር ወረቀት ላይ “ኖርማል” ሆኖ ይታያል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት የ34 ዓመት መምህርት ከሁለተኛ ልጇ ወዲህ የወር አበባዋ በጣም ይበዛል እንበል። ትኩሳትና የጎን ውጋት አስቸግሯት ሐኪም ቤት ስትሄድ የኩላሊት ኢንፌክሽን ተገኘባት። በዚያው ደሟ ሄሞግሎቢን 10.6 ግራም በዴሲሊትር፣ ፌሪቲን 46 ማይክሮግራም በሊትር ሆነ። የላቦራቶሪው ክልል ከ13 እስከ 150 ስለሆነ 46 የሚያሳስብ አይመስልም። “ደም ማነሱ ከኢንፌክሽኑ ነው፣ ሲሻልሽ ይስተካከላል” ብሎ ማሰናበት ቀላል ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ቁጥር ጋር አይስማሙም። የመጀመሪያው ሲአርፒ ነው። ይህ ጉበት በቁጣ ጊዜ የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም በሊትር በታች መሆን ሲገባው የእሷ 60 ደርሷል። ስለዚህ ፌሪቲኑም አብሮ ተገፍቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ኤምሲቪ የሚባለው የቀይ ደም ሴሎች መጠን ነው። ከ80 በታች ሲሆን ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የእሷ 74 ነው። ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር፣ የጥቂት ቀን ኢንፌክሽን ሴሎቿን እንዲህ አያሳንሳቸውም። የብረት ረሃቡ ከትኩሳቱ ብዙ ቀደም ብሎ የጀመረ መሆን አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ይህን ችግር ታሳቢ አድርጓል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ፌሪቲኑ ከ15 በታች ሲሆን ብረት እንደጎደለው ይቆጠራል። ኢንፌክሽን ወይም ቁጣ ካለ ግን መስመሩ ወደ 70 ከፍ ይላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ ከ12 ወደ 30 ያድጋል። የመምህርቷ 46 በዚህ መስፈርት እጥረትን የሚያስጠረጥር ነው። መስመሩ ግምታዊ ስለሆነ ፍርዱን ብቻውን አይሰጥም፤ ከ70 በላይ ሆኖ ብረት የጎደለው ሰውም ይኖራል።

“ታዲያ ለምን ወዲያው የብረት ኪኒን አይሰጣትም?” የሚል ይኖራል። ሄፕሲዲን ከፍ ባለበት ሰዓት የሚዋጥ ኪኒን አብዛኛው አንጀት ውስጥ ስለሚቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ በአንቲባዮቲክ ታከመ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላም ደሟ እንደገና ታየ። ሲአርፒ ወደ 3 ወርዷል፤ ፌሪቲኑ 8 ሆኗል። በእነዚህ ሳምንታት ጎተራዋ አልተራቆተም፤ ድሮም ባዶ ነበር፣ ሸፍኖት የነበረው ቁጣ ሲነሳ ታየ እንጂ። አሁን የብረት ሕክምና ትጀምራለች፤ የወር አበባዋ የበዛበት ምክንያትም ይመረመራል፤ መድማቱ ካልቆመ ኪኒኑ ቀዳዳ ማድጋ መሙላት ነውና። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኗ በግልጽ ከጨመረ ምርመራው ትክክል እንደነበር ይረጋገጣል።

ሁሉም ግን አምስት ሳምንት ጠብቆ ጤነኛ አይሆንም። የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ፣ የልብ ድካም ወይም ቲቢ ያለበት ሰው ቁጣው ለወራትና ለዓመታት ይቆያል። እንዲህ ባሉ ሕመምተኞች ሐኪሞች ፌሪቲን እስከ 100 ድረስ ቢሆንም እጥረትን ይጠረጥራሉ። አብረው የሚያዩት በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ትራንስፌሪን ምን ያህሉ ብረት እንደያዘ ነው። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ለመቅኒ የሚደርሰው ብረት አነስተኛ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በቁጣ ብቻም ስለሚወርድ፣ ብረቱ ጠፍቶ ነው ወይስ ታስሮ የሚለውን ለብቻው አይለይም። ለዚህ የሚረዳው የትራንስፌሪን ተቀባይ ምርመራ ነው፤ ሴሎች ብረት ሲርባቸው ይህ ተቀባይ በደም ውስጥ ይበዛል፣ በቁጣ ግን ብዙም አይነካም። ይሁንና በየላቦራቶሪው አይገኝም።

ለአንባቢ የሚጠቅመው መለያ ይህ ነው፦ ዝቅ ያለ ፌሪቲን ሁልጊዜ ይታመናል፤ ከብረት እጥረት በቀር ዝቅ የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። “ኖርማል” የሆነ ፌሪቲን ግን የሚታመነው ደሙ በተወሰደበት ቀን ሰውነቱ ያልተቆጣ ከነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ ደሙ ሲወሰድ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጥርስ መግል ወይም ሌላ ሕመም ከነበረ ለሐኪሙ መንገር፣ ሲአርፒ አብሮ መለካቱን መጠየቅ፣ ድካሙና ደም ማነሱ ከቀጠሉም ከዳኑ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፌሪቲኑ እንዲደገም መጠየቅ ያስፈልጋል።