መረሬ ከያዘው ውሃ ለሥር የሚደርሰው ስንቱ ነው?

መረሬ መሬት ክረምቱ ከወጣ በኋላም ርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ይሁንና አፈሩ ሲጨበጥ ገና ርጥብ ሳለ ላዩ ላይ ያለው ሽምብራ ሊጠወልግ ይችላል። በሰፋፊ ቀዳዳዎች ያለው ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሰርጋል፤ በቀጫጭኖቹ ያለውን ሥር ይስበዋል፤ ከሸክላው ብናኝ ጋር አጥብቆ የተያዘውን ግን የሽምብራ ሥር ሊያላቅቀው አይችልም።

የአፈር ላቦራቶሪ እነዚህን በግፊት ይለያቸዋል። ውሃ የጠገበ ናሙና በሴራሚክ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ በአየር ይጫናል። የሚወጣው ውሃ ሲያበቃ ናሙናው ይመዘናል፤ ከዚያ በ105 ዲግሪ ምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። በ33 ኪሎፓስካል የቀረው ውሃ ማሳው ትርፉን አንጠፍጥፎ ለሚይዘው መጠን ይወሰዳል፤ ለአሸዋማ አፈር ግን 10 ኪሎፓስካል ይሻላል። በ1500 የቀረው ደግሞ የመጠውለጊያው ነጥብ ነው። ከዚህም በላይ የሚስቡ ተክሎች አሉ፤ ግን በዚህ ደረጃ ግፊቱ ብዙ ቢጨምርም የሚወጣው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ስሌቱ እምብዛም አይናጋም።

አንድ የመረሬ ናሙና እንውሰድ። 100 ግራም ደረቅ አፈር በ33 ኪሎፓስካል 40 ግራም፣ በ1500 ደግሞ 26 ግራም ውሃ ይዟል እንበል። ይህ የክብደት መቶኛ ነው፤ መስኖ የሚለካው በጥልቀት ስለሆነ በአፈሩ እፍጋት መባዛት አለበት። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.1 ግራም ደረቅ አፈር ካለው፣ 44 እና 28.6 በመቶ ይሆናል። ሥሩ 60 ሴንቲሜትር ቢወርድ፣ አፈሩ 264 ሚሊሜትር ውሃ ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 172ቱ ለሽምብራው እንደሌለ ይቆጠራል። የሚጠቅመው 92 ነው። ሰብሉ እንዳይጎዳ ግማሹ ሲያልቅ፣ ማለትም 46 ሚሊሜትር ሲቀንስ፣ ይጠጣል። በቀን 5 ሚሊሜትር ቢጠቀም ዘጠኝ ቀን ያቆየዋል።

ብዙው ስህተት የሚገባው በእፍጋቱ በኩል ነው። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በደረቅ ጓል ላይ 1.5 ተለክቶ ከተባዛ፣ 92 የነበረው 126 ይሆናል፤ ውሃ ማጠጫውም ከሦስት ቀን በላይ ይዘገያል፤ ሽምብራውም እስከዚያ ይጠማል። ስለዚህ እፍጋቱ አፈሩ ሳይፈርስ በቀለበት ወጥቶ፣ ርጥብ ሳለ መለካት አለበት። የ33ቱም ንባብ እንዲሁ ያልፈረሰ ናሙና ይፈልጋል፤ ለ1500ው ግን የተፈጨ አፈር ይበቃል።

ሌላው ጥድፊያ ነው። ሸክላ በ1500 ኪሎፓስካል ውሃውን በዝግታ ስለሚለቅ፣ ፍሳሹ ሳያበቃ የወጣ ናሙና መጠውለጊያውን ከፍ፣ የሚጠቅመውን ውሃ አሳንሶ ያሳያል።

የላይኛውን ቁጥር ማሳው ላይ ማጣራት ይቻላል፦ ቦታውን በደንብ አርሶ፣ ትነት እንዳይወስደው በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ናሙና ማውጣት ነው። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ድርብርብ ካለ ወይም ሸክላው በዝግታ የሚያንጠፈጥፍ ከሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ላይገጥሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ለመስኖው የሚታመነው የማሳው ንባብ ነው።