የቅሬው ስምንት አካፋዎች

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው አጭር ነው። ዕቃ የተዋሱ ጎረቤቶች ዕቃውን እንዲመልሱ ይጠይቃል። ነገር ግን በላዩ የሰው ስም አለበት። የሰው ስም ያለበት ወረቀት ደግሞ በጥንቃቄ ይጻፋል።

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው ወሎ ሁሉ፣ ቅሬ የታወቀ ነው። በሌላ አገር እድር ይሉታል። በብዙ መንደር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ቅሬ ይረዳዳል። ቅሬው መቃብር መቆፈሪያ አካፋ፣ ዶማና ዲጂኖ አለው። ለለቅሶ ቤት የሚሆን ብረት ድስትም አለው። ዕቃው የተገዛው አባላቱ ባዋጡት ገንዘብ ነው። የሁሉም ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም።

ለቅሶ በሌለበት ጊዜ ጎረቤት ይህን ዕቃ ይዋሳል። አንዱ የመስኖ ቦይ ሊጠርግ አካፋ ይወስዳል። ሌላዋ ለልጇ ሰርግ ድስት ትወስዳለች። ይህ ክፋት የለውም። ችግሩ ዕቃው ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ሙስሊም ሲሞት ቢቻል በዕለቱ ይቀበራል። ክርስቲያኑም ቢሆን ብዙ አይቆይም። ጎረምሶቹ ሊቆፍሩ ተነሥተው አካፋ ቢያጡስ? ሬሳ ተቀምጦ፣ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ «አካፋ አላችሁ ወይ?» ሊል ነው። ይህ ለመንደሩ ሁሉ ኀፍረት ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአርዲቦ ዳር ያለ አንድ ቅሬ እናስብ። ሰዎቹን በስማቸው ፈንታ በፊደል እንጥራቸው፤ አቶ ሀ፣ ወይዘሮ ለ እያልን። «ሐ»ን እና «ሠ»ን ግን እንዝለላቸው። ማስታወቂያው ጮክ ተብሎ ሲነበብ «ሐ» ከ«ሀ»፣ «ሠ»ም ከ«ሰ» በድምፅ አይለይምና።

ይህ ቅሬ 8 አካፋዎች አሉት። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። በመዝገቡ 4 አካፋዎች በውሰት ወጥተዋል። ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ ሲቆጥር 4 አካፋዎች አገኘ። አራትና አራት ስምንት ነው። «ሒሳቡ ልክ ነው» አለ። የአራቱን ተዋሾች ስም ጽፎ ሊያነብ ተሰናዳ።

ዕቃ ጠባቂዋ ግን «ቆይ እስቲ፣ ቁጥራቸውን እንይ» አሉት።

የዚህ ቅሬ አካፋዎች ቁጥር አላቸው። ለምን መሰላችሁ? ብድርና ውሰት አንድ አይደሉም። እህል የተበደረ ሰው ሌላ እህል ሰፍሮ ይመልሳል። አካፋ የተዋሰ ሰው ግን የሚመልሰው ያንኑ አካፋ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ያንኑ አካፋ ለመመለስ ደግሞ ያ አካፋ ከሌላው መለየት አለበት። ስለዚህ ብረት ሠሪው ከ1 እስከ 8 ያለውን ቁጥር በብረቱ ላይ መትቶበታል። በእንጨቱ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጀታው በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ ይጠፋ ነበር።

ጸሐፊውና ዕቃ ጠባቂዋ አካፋዎቹን አንድ በአንድ አዩ። በዕቃ ቤት ያሉት ቁጥር 1፣ 2፣ 4 እና 6 ናቸው። በመዝገብ የወጡት ደግሞ ቁጥር 2፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው።

እስቲ ቆም ብላችሁ እዩ። ቁጥር 2 በሁለቱም ቦታ አለ። በመዝገቡ አቶ በ ወስደውታል ይላል። አካፋው ግን ዕቃ ቤት ቁጭ ብሏል። አቶ በ መልሰው ነበር፤ ሲመልሱ የሰረዘላቸው ሰው የለም። ቁጥር 8 ደግሞ በሁለቱም ቦታ የለም። ማንም አልጻፈው፤ ዕቃ ቤትም የለ። አንዱ ስሕተት ሌላውን ሸፈነው፤ ድምሩም ልክ መሰለ።

ቁጥሩ ባይታይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አቶ በ በሕዝብ ፊት ይጠሩ ነበር። ንጹሕ ሰው ዕቃ አስቀሪ ይባል ነበር። በቅሬ ፊት እንዲህ ያለ ስም ቀላል አይደለም። በችግር ቀን የሚደርስልን ቅሬ ነውና።

ስለዚህ ጸሐፊው ለማንበብ አልቸኮለም። በመጀመሪያ የአቶ በን ስም ሰረዘና የተመለሰ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ የቀሩትን ተዋሾች በየቤታቸው ሄዶ ጠየቀ።

አቶ ሀ ቁጥር 3 እሳቸው ዘንድ መሆኑን አመኑ። «ቦዩን ሳልጨርስ ቀረሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ሰነበትኩ» አሉ።

ወይዘሮ ለ ግን ዝም አሉ። ኋላ ነገሩን አወጡት። የቁጥር 5 እጀታ ተሰብሯል። አፍረው ከጓሮ ደብቀውታል። ጸሐፊው «ተሰብሮም ይምጣ» አላቸው። እውነቱን ነው። እጀታ ከዛፍ ይገኛል፤ ብረቱ ግን በገንዘብ ነው የሚገዛው። ብዙ ዕቃ የሚቀረው ሰው ሊሰርቅ ፈልጎ ሳይሆን የተሰበረ ይዞ መምጣት አፍሮ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «የተሰበረም ቢሆን ይምጣ» የሚል ቃል ይግባ።

አቶ መ ደግሞ «ቁጥር 7ን ለእኅቴ ልጅ አውሼዋለሁ» አሉ። ታዲያ የማን ስም ይጻፍ? የአቶ መ ይጻፋል። ከቅሬው የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። የእኅታቸው ልጅ ከቅሬው ምንም አልተቀበለም።

ከአካፋዎቹ ሌላ ሁለት ዕቃዎች ወጥተዋል። ትልቁን ብረት ድስት ከነክዳኑ ወይዘሮ ረ ለሰርግ ወስደውታል። ዲጂኖውን የወሰዱት ደግሞ የቅሬው ዳኛ፣ አቶ ሰ ናቸው። ጸሐፊው የዳኛውን ስም ለመጻፍ ፈራ። ዳኛው ግን «ጻፈው እንጂ! የእኔ ከተዘለለ የሌላው ለምን ይነበባል?» አሉት።

አሁን ቀኑ ይቀራል። በመዝገቡ አንድ ቦታ ላይ «በሚካኤል ማግስት ወሰደ» ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ሚካኤል? ሚካኤል በየወሩ በ12 ይውላል። ሌላ ቦታ «ከረመዳን በፊት» ይላል። ረመዳን ደግሞ በእኛ ወር ሲቆጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዓመት በኋላ ይህን የሚያነብ ሰው ቀኑን አያውቀውም። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ሦስቱም ይጻፋሉ። ጸሐፊው ተዋሾቹን ጠይቆ ቀኖቹን አስተካከለ። ከዚያ ማስታወቂያውን እንዲህ ጻፈ፦

«ማስታወቂያ

ለቅሬያችን አባላት በሙሉ

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዚህ በታች የተጻፉት የቅሬያችን ዕቃዎች ናቸው። በውሰት ወጥተው ገና አልተመለሱም።

1. ዲጂኖ፣ አንድ። የወሰዱት አቶ ሰ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

2. አካፋ ቁጥር 3። የወሰዱት አቶ ሀ። ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

3. አካፋ ቁጥር 5። የወሰዱት ወይዘሮ ለ። ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

4. አካፋ ቁጥር 7። የወሰዱት አቶ መ። ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

5. ትልቁ ብረት ድስት ከነክዳኑ። የወሰዱት ወይዘሮ ረ። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

6. አካፋ ቁጥር 8። የወሰደው አልታወቀም። ያየ ሰው ይንገረን።

እስከ እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት ድረስ ለዕቃ ጠባቂዋ እንድታስረክቡ እንለምናለን። የተሰበረም ቢሆን ይምጣ። የመለሰ ሰው ስሙ ሲሰረዝ በዓይኑ ይይ። መልሼአለሁ የሚል ካለ ቀርቦ ይንገረን፤ መዝገቡን አብረን እናያለን።»

ይህን ጽሑፍ ልብ በሉት። «ሌባ» አይልም። «ስንት ጊዜ ተነገራችሁ» አይልም። ዕቃውን፣ የወሰደውን ሰውና ቀኑን ይናገራል፤ ከዚያ የመመለሻውን ቀን ይቆርጣል። የቁጥር 8 ተዋሽ ስላልታወቀ በግምት ስም አልተጻፈበትም። «እገሌ ሳይሆን አይቀርም» የሚባል ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

የሚነበብበትም ቦታ አለው። በለቅሶ ቤት አይነበብም፤ ሐዘንተኛ ፊት የዕቃ ነገር አይነሣም። የሚነበበው በቅሬው ስብሰባ ላይ ነው። ለማያነቡት እንዲደርስ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከዚያ ወረቀቱ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

እሑድ ጧት ዳኛው ዲጂኖውን ተሸክመው ቀድመው መጡ። አቶ ሀም አካፋቸውን አመጡ። ወይዘሮ ለ የተሰበረውን ይዘው ሲመጡ ማንም አልሳቀባቸውም፤ አንዱ ጎረምሳ እጀታ ሊጠርብ ተቀበላቸው። አቶ መ ከእኅታቸው ልጅ ጋር መጡ። ወይዘሮ ረ ድስቱን አመጡ፤ ክዳኑን ግን ረስተውት ተመለሱ። ማስታወቂያው «ከነክዳኑ» ይል ስለነበር ነገሩ አላከራከረም።

ቁጥር 8ስ? አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ማስታወቂያው ሲነበብ ሰምቶ ነበር። በመቃብሩ ቦታ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ ዝጎ አገኘው። ማንም አልተዋሰውም፤ ማንም አልሰረቀውም። ቅሬው ራሱ ለቀብር ወስዶ እዚያው ረስቶት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀብር ሲያበቃ፣ ሰው ከመበተኑ በፊት፣ ዕቃ ጠባቂዋ ከ1 እስከ 8 እየጠሩ ይቆጥራሉ።

ለልምምድ

1. በምሳሌው 4 ሲደመር 4 ልክ 8 ሆኗል። ታዲያ ስሕተቱ በምን ታወቀ?

2. ከጎረቤት የተዋሳችሁት፣ ቤታችሁ ያለ ዕቃ ምን አለ? ዕቃውን፣ ያዋሳችሁን ሰውና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ ዕቃውን መልሱና መስመሩን ሰርዙ።