ወለድ ሲጨምር ቦንድ ስንት ያጣል?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023 የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪዎች ሲሊከን ቫሊ ባንክን ዘጉት። በዋዜማው ደንበኞቹ 42 ቢሊዮን ዶላር አውጥተው ነበር። ባንኩን ለዚህ ያበቃው ለማይከፍል ተበዳሪ ማበደሩ አይደለም። አብዛኛው ሀብቱ የተቀመጠው የአሜሪካ መንግሥት በሚያወጣቸው ቦንዶችና ከመንግሥት ጋር የተያያዙ ተቋማት ዋስ በሆኑላቸው የቤት ብድር ቦንዶች ላይ ነበር። ይሁንና በ2022 መጨረሻ፣ ክፍያቸው እስኪያበቃ እንደሚይዛቸው ገልጾ በ91 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የመዘገባቸው ቦንዶች በገበያ ቢሸጡ የሚያወጡት 76 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነበር። የ15 ቢሊዮኑ ልዩነት ከባንኩ ጠቅላላ ካፒታል፣ ማለትም ከ16 ቢሊዮን ገደማ፣ ብዙም አይርቅም።

ይህን ጉድለት የፈጠረው የወለድ መጠን መጨመር ነው። ወለድ በዚህን ያህል ቢጨምር የያዝነው ቦንድ ስንት ያጣል የሚለው ጥያቄ ደግሞ አስቀድሞ የሚሰላ ነው። ስሌቱን ከአንድ ቀላል ቦንድ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን ቦንድን የምናውቀው በህዳሴ ግድብ ነው፤ ገዝተን፣ አስቀምጠን፣ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ የምንቀበለው ወረቀት አድርገን። በየቀኑ በሚሸጥበትና በሚገዛበት ገበያ ውስጥ ግን ቦንድ ከዕለት ዕለት የሚለዋወጥ ዋጋ አለው።

ምሳሌያችን የ10 ዓመት ቦንድ ይሁን። ዋናው ገንዘብ 1,000 ዶላር ነው። በየዓመቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ዶላር ወለድ ይከፍላል፤ ይህ ክፍያ ኩፖን ይባላል። በ10ኛው ዓመት ከመጨረሻው ኩፖን ጋር 1,000ው ይመለሳል። ገዢው የሚቀበለው እንግዲህ አስር ክፍያዎችን ነው። የቦንዱ ዋጋ ማለት የእነዚህ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ ድምር ነው።

ገበያው ለእንዲህ ያለ ቦንድ 2 በመቶ ትርፍ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣው 20 ዶላር ለ1.02 ይካፈልና ዛሬ 19.61 ዶላር ያወጣል። በ10ኛው ዓመት የሚመጣው 1,020 ዶላር አስር ጊዜ ለ1.02 ሲካፈል 836.76 ይሆናል። አስሩም ሲደመሩ ልክ 1,000 ዶላር ይመጣል። ገበያው 4 በመቶ መጠየቅ ሲጀምር አካፋዩ 1.04 ይሆናል፤ ድምሩም ወደ 837.78 ይወርዳል። ቦንዱ የሚከፍለው አልተለወጠም፤ ሆኖም አዲስ ቦንድ በዓመት 40 ዶላር እየከፈለ 20 የሚከፍለውን አሮጌ ቦንድ በ1,000 የሚገዛ አይኖርም። አንባቢ ይህን በኤክሴል ማረጋገጥ ይችላል፦

```
=PV(4%,10,-20,-1000)
```

ዋጋው ታውቆ ምጣኔው ሲጠፋ

በገበያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ዋጋው ነው። ይኸው ቦንድ በ900 ዶላር ይሸጣል እንበል። ገዢው እስከ መጨረሻው ቢይዘው በዓመት ስንት በመቶ ያተርፋል? ይህ ምጣኔ ዪልድ ቱ ማቹሪቲ ይባላል፤ እዚህ በአጭሩ ዪልድ እንለዋለን።

በዚህ ቦታ የተለመደ ስህተት አለ። 20ን ለ900 አካፍሎ 2.22 በመቶ ነው ማለት በቂ አይደለም። ገዢው በ900 የገዛው ቦንድ መጨረሻ ላይ 1,000 ይከፍለዋል፤ የ100 ዶላሩ ትርፍ ተዘንግቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ዪልድ የአስሩን ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ 900 የሚያደርገው ምጣኔ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦንድ ይህን በአንድ እርምጃ የሚያወጣ ቀላል ቀመር ስለሌለ በሙከራ ይፈለጋል። በ3 በመቶ ዋጋው 914.70 ነው፤ በ4 በመቶ 837.78። ስለዚህ መልሱ በሁለቱ መካከል፣ ወደ 3 ቀረብ ብሎ ነው። በ3.2 በመቶ ሲሞከር 898.67 ይመጣል፤ በጥቂቱ አልፈናል። በ3.18 በመቶ 900.26 ይሆናል፤ ደርሰናል። ኮምፒዩተርም የሚሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ፍለጋ ነው፦

```
=RATE(10,20,-900,1000)
```

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ገዢው በእርግጥ ያን ያህል የሚያተርፈው ቦንዱን እስከ መጨረሻው ከያዘና በየዓመቱ የሚቀበለውን 20 ዶላር በዚያው ምጣኔ መልሶ ማሠራት ከቻለ ነው።

ዱሬሽን፦ የመጀመሪያው ግምት

ባንክ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦንዶች ሊይዝ ይችላል። ወለድ ቢንቀሳቀስ ምን እንደሚደርስበት በፍጥነት ለመገመት የሚያገለግለው መለኪያ ዱሬሽን ነው። በ1938 ፍሬድሪክ ማኮሌይ የተባለ ኢኮኖሚስት ያቀረበው ሐሳብ ሲሆን፣ ገንዘባችን ተመልሶ እስኪገባ በአማካይ ስንት ዓመት እንደምንጠብቅ ይለካል። አማካዩ ሲወሰድ እያንዳንዱ ዓመት የሚመዘነው በዚያ ዓመት በሚመጣው ክፍያ የዛሬ ዋጋ ነው።

በ2 በመቶ ዪልድ ከ1,000 ዶላሩ ውስጥ 836.76 የሚመጣው በ10ኛው ዓመት ስለሆነ አማካዩ ወደ መጨረሻው ያዘነብላል፤ 9.16 ዓመት ይሆናል። ይህ ለ1.02 ሲካፈል 8.98 ይመጣል። ትርጉሙም ዪልድ በ1 በመቶ ነጥብ ቢጨምር የቦንዱ ዋጋ በ8.98 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው።

አሁን ፈተናውን እንስጠው። ዪልድ በአንድ ጊዜ ከ2 ወደ 4 በመቶ ዘለለ እንበል። ዱሬሽን የሚነግረን 8.98 ሲባዛ በ2፣ ማለትም ወደ 18 በመቶ፣ በገንዘብ 179.65 ዶላር ኪሳራ ነው። ሙሉውን ስሌት ስንሠራ ግን የጠፋው 162.22 ዶላር ነው። ዱሬሽን 17 ዶላር ያህል አጋንኗል። ዪልድ በተቃራኒው ከ2 ወደ 0 ቢወርድ ደግሞ ስሌቱ በቃል ይሠራል፦ አስር ጊዜ 20 እና 1,000 ሲደመሩ 1,200። ትርፉ 200 ዶላር ነው፤ ዱሬሽን የገመተው ግን 179.65 ብቻ ነበር።

ኮንቬክሲቲ፦ መለኪያው ራሱ ሲንቀሳቀስ

ስህተቱ የመጣው ዱሬሽንን የማይለወጥ ቁጥር አድርገን ስለወሰድነው ነው። 8.98 ትክክል የሆነው ዪልድ 2 በመቶ ላይ ሳለ ነው። በ4 በመቶ እንደገና ሲሰላ 8.72 ይሆናል፤ በ0 ደግሞ 9.25። ወለድ ሲጨምር ቦንዱ ለወለድ ያለው ስሜት ይቀንሳል፤ ወለድ ሲወርድ ይጨምራል። ለዚህ ነው የዋጋውና የዪልዱ ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ጎባጣ የሆነው። የጉብጠቱ መለኪያ ኮንቬክሲቲ ይባላል።

ለዚህ ቦንድ ኮንቬክሲቲው 94 ያህል ነው። እርማቱ የሚገኘው የ94ን ግማሽ በለውጡ ካሬ በማባዛት ነው፦ 47 ሲባዛ በ0.02፣ እንደገና በ0.02፤ ውጤቱ 1.88 በመቶ፣ ማለትም 18.80 ዶላር ነው። ካሬ በመሆኑ ወለድ ቢጨምርም ቢቀንስም ሁልጊዜ ይደመራል። ስለዚህ በጭማሪው ጊዜ የኪሳራው ግምት 160.85 ይሆናል፤ እውነተኛው 162.22 ነው። በቅነሳው ጊዜ የትርፉ ግምት 198.45 ይሆናል፤ እውነተኛው 200 ነው። ለውጡ ሩብ በመቶ ቢሆን ኖሮ ዱሬሽን ብቻውን በበቃ ነበር። ለውጡ ሲተልቅ ግን ካሬው በፍጥነት ስለሚያድግ እርማቱን መተው አይቻልም።

ጉብጠቱ ሲገለበጥ

ለተራ ቦንድ ኮንቬክሲቲ ረዳት ነው፤ ኪሳራን ይቀንሳል፣ ትርፍን ይጨምራል። ሲሊከን ቫሊ ባንክ የያዘው ግን በአብዛኛው የቤት ብድር ቦንድ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። በአሜሪካ የቤት ባለቤት ወለድ ሲወርድ አዲስ ርካሽ ብድር ወስዶ የቀድሞውን ቀድሞ ይከፍላል። ወለድ ሲወጣ ግን ርካሹን ብድር አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ቦንዱን የያዘው ባንክ ገንዘቡን መልሶ ማግኘት በሚፈልግበት በዚያው ሰዓት ገንዘቡ ይዘገይበታል። ዱሬሽኑ መቀነስ ሲገባው ይረዝማል።

በባንኩ ላይ የታየው ይኸው ነው። እስኪያበቁ ይያዛሉ የተባሉት ቦንዶች ዱሬሽን በ2021 መጨረሻ 4.1 ዓመት ነበር፤ በ2022 መጨረሻ 6.2 ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የ10 ዓመት የመንግሥት ቦንድ ዪልድ ከ1.5 በመቶ ገደማ ወደ 3.9 ገደማ ወጣ። በዓመቱ መጀመሪያ በነበረው ቁጥር የ2.4 ነጥብ ጭማሪ 10 በመቶ ያህል ያሳጣል፤ በመጨረሻው ቁጥር ደግሞ 15 በመቶ ያህል። የቤት ብድር ቦንዶች ዪልድ ከመንግሥት ቦንድ ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስ ይህ ሸካራ ግምት ነው። ቢሆንም በመዝገቡ የታየው ጉድለት ከ91ዱ ቢሊዮን 16 በመቶ ያህል ነበርና፣ ወደ እውነቱ የቀረበው ሁለተኛው ቁጥር ነው። የዓመቱን መጀመሪያ ዱሬሽን ይዞ የሚሰላ ፈተና ከጉድለቱ ቀላል የማይባል ክፍል ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ክፍያው ሊፋጠን ወይም ሊዘገይ ለሚችል ቦንድ የ94ን ዓይነት ዝግጁ ቁጥር መጠቀም አይቻልም። ወለድ 1 ነጥብ ሲወጣ ስንት ሰው ቀድሞ ይከፍላል፣ 2 ሲወጣስ፣ ሲወርድስ እየተባለ ክፍያዎቹ እንደ አዲስ ተገምተው ዋጋው በየደረጃው ሙሉ በሙሉ ይሰላል። በጭማሪ የሚጠፋው በእኩል ቅነሳ ከሚገኘው በልጦ ከተገኘ ጉብጠቱ ተገልብጧል ማለት ነው።

ሌላው መፈተሽ ያለበት ባንኩ ያለበት ዕዳ ነው። ቦንዱ 6 ዓመት ቢያስጠብቅ፣ አስቀማጩም 6 ዓመት ቢታገስ ኪሳራው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ በኤፕሪል 2023 ባወጣው ምርመራ እንደገለጸው፣ የባንኩ የወለድ ፈተና ከተፈቀደው ወሰን ማለፉን ባሳየ ጊዜ አመራሩ የተቀማጭ ገንዘቡን ቆይታ የሚመለከተውን ግምት ለወጠ። ቁጥሩ ተሻሻለ፤ ቦንዶቹ ግን እንደነበሩ ነበሩ። በማርች 8 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህሉ ሌሎች ቦንዶቹን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን አሳወቀ፤ በማግስቱ 42 ቢሊዮኑ ወጣ። አስቀማጮቹ በአንድ ቀን ሊወስዱት የሚችሉት ገንዘብ ለዓመታት እንደሚቆይ ተደርጎ ከተሰላ፣ የቦንዱ ሒሳብ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት ፈተናው የሚሰጠው መልስ የተሳሳተ ነው።