እርጥበት የማይቋጥር የፍየል ቤት

በደጋና በወይና ደጋ ክረምት ሲገባ ብዙ አርቢ ፍየሎቹን ብርድ እንዳይነካቸው ብሎ የቤታቸውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይመርጋል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣል፤ ውሎ አድሮ ግልገሎቹ ማሳልና ንፍጥ ማዝረብረብ ይጀምራሉ። ሽታው አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽንትና በጠጥ ወለል ላይ ተደባልቀው ሲበሰብሱ ይፈጠርና የፍየሏን መተንፈሻ እየጎዳ ለሳንባ ምች ያጋልጣታል። ደረቅ መኝታ ያላት ጤነኛ ፍየል ብርዱን ትችለዋለች፤ የሚጥላት ብርድና እርጥበት ሲደራረቡባት ነው። እርጥበት የማይቋጥር ቤት ደግሞ ባሕር ዛፍ፣ ሚስማርና አካፋ ካለ ይሠራል።

ለ10 ፍየሎች የሚሆን ቤት እንውሰድ። ለአንዲት ትልቅ ፍየል ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ስለሚያስፈልጋት 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ወለል ይበቃል። ቦታው ትንሽ ተዳፋት ያለውና ውኃ የማይተኛበት ይሁን።

ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከዚያ ካነሰ ከሥሩ ገብቶ በጠጥ መዛቅ ያስቸግራል። ለተሸካሚነት 9 ቋሚዎች በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ሦስት ሆነው ይተከላሉ። በየረድፉ አናት 4 ሜትር የሚረዝም ወፍራም አግዳሚ ይጋደምና በእነዚህ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ሌላ አግዳሚ ይመታል። ርብራቡ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው።

የሥራው ጥበብ ያለው ርብራቡ ላይ ነው። ድቡልቡል አጠና ያንሸራትታል፤ ስለዚህ አጠናው ለሁለት ይሰነጠቅና ጠፍጣፋው ወደ ላይ፣ ክቡ ወደ ታች ሆኖ ይመታል። እንዲህ ሲሆን ክፍተቱ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ በጠጡ ሳይሰነቀር ይወድቃል። በርብራቦቹ መካከል የሚተወው ክፍተት 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ከጠበበ በጠጥ ይደፍነዋል፤ ከሰፋ የግልገል ሰኮና ይገባበትና እግር ይሰበራል። አጠና አንድ ጫፉ ስለሚቀጥን ቀጭኑንና ወፍራሙን ጫፍ እያፈራረቁ መደርደር፣ በዚያው ልክ የተጠረበ እንጨትም እየሰኩ መምታት ክፍተቱን እኩል ያደርገዋል። ገና ለተወለዱ ግልገሎች አንዱን ጥግ ለይቶ ድርቆሽ መጎዝጎዝ ያስፈልጋል።

ርብራቡ እርጥበቱን ከፍየሏ ያርቃል እንጂ አያጠፋውም። ከሥሩ ያለው መሬት በሸክላ አፈርና በጠጠር ተደልድሎ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። በዝቅተኛው ጎን ቦይ ይቆፈርና ሽንቱን ከቤቱ ራቅ ብሎ ወደተቆፈረ የብስባሽ ጉድጓድ ይወስዳል። በላይኛው በኩል ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሌላ ቦይ የጎርፉን ውኃ ወደ ጎን ይመልሳል። የጣራው ክዳንም ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ ካላለ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጫል።

አየሩን በተመለከተ፣ ግድግዳው ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ድረስ ይዘጋል፤ ፍየል ስትተኛም ሆነ ስትቆም ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታት ነው። ከዚያ በላይ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት ይሁን። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫ ካጣ ቆርቆሮው ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጅብና ነብር እንዳይገቡ ክፍቱን ቦታ ከእጅ መዳፍ ባልሰፋ ርቀት በተመቱ ጠንካራ አጠናዎች መከለል ይበቃል። በብርዳም ደጋ ግን ነፋስ የሚመጣበትን ጎን፣ ከወለሉ ሥር ያለውን ጭምር፣ መዝጋትና ሌሎቹን ጎኖች ክፍት መተው ይሻላል። በቆላ የወለሉ ሥር በሁሉም በኩል ክፍት ቢሆን ይመረጣል።

ቤቱ መሥራቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ገብቶ አፍንጫን ፍየሏ በምትተኛበት ከፍታ ዝቅ አድርጎ መተንፈስ ነው፤ ዓይን ከቆጠቆጠ ወይ አየሩ ታፍኗል፣ ወይ ከሥር በጠጡ ተከምሯል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ካልተዛቀ ክምሩ ወደ ርብራቡ ይጠጋና የከፍታው ጥቅም ይቀራል። ርብራቡንም አብሮ መፈተሽ፣ የላላውንና የተሰበረውን ወዲያው መለወጥ ያስፈልጋል።

ይህ ቤት ተላላፊውን የፍየል ሳንባ በሽታ አያስቆምም፤ እሱ የእንስሳት ሐኪምና ክትባት ይፈልጋል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ጣራው የሣር ክዳን ቢሆን፣ ግድግዳው ከአጠናና ከጭቃ ቢሠራ ፍየሏን አይጎዳትም። የማይቆጠብበት ርብራቡ፣ ቦዩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ የደከሙለት ደረቅ መኝታ አይገኝም።