የእሑድ ፈተና የሚዘዋወረው ዓርብ ነው

አንድ የቤርሼባ ሽኩና ሄ ልጅ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የኮምፕቲያን ሴኩሪቲ ፕላስ ፈተና ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል እንበል። ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ ትኩሳት ጀመረው። ቤቱ ሰንበት የሚከበርበት ቤት ነው፤ ስልክ አይነካም፣ ኮምፒውተር አይከፈትም። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጥቶ ቀጠሮውን ሊያዘዋውር ቢገባ ጊዜው አልፏል። እሑድ ከቀረ ክፍያው ሄዷል።

ልጁ የተሸነፈው በ24 ሰዓት ደንብ ነው። ኮምፕቲያ ቀጠሮ ማዘዋወርም ሆነ መሰረዝ ያለ ቅጣት የሚፈቅደው ፈተናው ሊጀመር ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ታመምኩ ቢሉም አልደረስኩም ቢሉም፣ ሙሉ ክፍያውን ያስቀራል። ብዙ ሰው ይህን «ከአንድ ቀን በፊት» ብሎ ይተረጉመውና ይሳሳታል። የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም። የእሑድ 3 ሰዓት ፈተና በሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ሰንበት አክባሪው ጸሎት ላይ ነው። ስለዚህ ለእርሱ እውነተኛው የመጨረሻ ሰዓት ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ነው። በክረምት ደግሞ ቤርሼባ ላይ ፀሐይ የምትገባው ገና በጊዜ ነው።

በዓል ከሰንበት ጋር ሲገጥም ነገሩ ይብሳል። በ2024 ሮሽ ሃሻና ሐሙስና ዓርብ፣ ጥቅምት 3 እና 4 ዋለ፤ በማግስቱ ሰንበት። ጥቅምት 6፣ እሑድ፣ ፈተና የነበረው በዓል አክባሪ ቀጠሮውን ማንሳት የሚችለው እስከ ረቡዕ ምሽት ብቻ ነበር። ደንቡ 24 ሰዓት ይላል፤ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ግን አራት ቀን አደረገው። የፈተናው ድርጅት ይህን አያስብላችሁም።

ሰዓቱን ስናነሳ አንድ የቤታችንን ነገር ልጨምር። የማረጋገጫው ኢሜይል የሚጽፈው 9:00 ብሎ ነው። ልጅ ለእናቱ «ዘጠኝ ሰዓት ፈተና አለኝ» ሲላት፣ እርሷ የምትሰማው ከምሳ በኋላ ያለውን ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናት ጠዋት እንድትቀሰቅስ ከታሰበ «ሦስት ሰዓት» ማለት ይሻላል። ዘግይቶ የደረሰን ተፈታኝ ማዕከሉ ሊመልሰው ይችላል፤ የተመለሰ ሰው ደግሞ እንደቀረ ሰው ተቆጥሮ ገንዘቡን ያጣል። በመታወቂያው ላይ ያለው ስምና ሲመዘገብ የጻፈው ስም ያልተስማማለትም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ስም፣ እዚህ ሌላ ስም ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙንም ማስተካከል የሚገባው ከፈተናው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ማነው ደንቡን የሚያወጣው? ቀጠሮውን የሚይዘውና ማዕከሉን የሚያገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ፒርሰን ቪዩ ነው። ነገር ግን ገደቡንና ቅጣቱን የሚወስነው ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ነው። ስለዚህ በአንድ ማዕከል፣ በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተፈታኞች በተለያየ ደንብ ሊገዙ ይችላሉ። ጓደኛችሁ «እኔ በነጻ ነው ያዘዋወርኩት» ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምን ፈተና እንደነበር ጠይቁት።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የአማዞን ክላውድ ፈተና እንደ ኮምፕቲያ 24 ሰዓት ይጠይቃል፤ አንዱን ቀጠሮ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ ማዘዋወር አይፈቅድም። ሦስተኛ ጊዜ ያስፈለገው ሰው ሰርዞ እንደ አዲስ መያዝ አለበት። የፕሮጀክት አስተዳዳሪዎች ፈተና የሆነው ፒ.ኤም.ፒ. ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያዘዋወረ ወይም የሰረዘ 70 ዶላር ይከፍላል፤ 48 ሰዓት ሳይሞላ የነካው ሙሉውን ያጣል። ታኅሣሥ 20 ፈተና ያለው ሰው በኅዳር አጋማሽ ላይ «አልተዘጋጀሁም» ብሎ ቢያዘዋውር ምንም አይከፍልም፤ ያንኑ ውሳኔ ታኅሣሥ 1 ላይ ቢወስን ግን 70 ዶላር ያወጣል። ለዚህ ፈተና ማሰብ የሚገባው ገና ወር ሲቀረው ነው።

አሠራሩ ራሱ አጭር ነው። ምስክር ወረቀቱን በሚሰጠው ድርጅት ገጽ በኩል ወደ መለያችሁ ገብታችሁ ቀጠሮውን ስትከፍቱ `Reschedule` እና `Cancel` የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቀኑን ይቀይራል፣ ሁለተኛው ቀጠሮውን ያጠፋል። ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ ነው፦ አዲስ ቀን መርጦ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ሳይጫን ይወጣል። ያኔ የቆመው የድሮው ቀጠሮ ነው። አዲሱ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ኢሜይል እጃችሁ ካልገባ ምንም አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ።

ሥልጠና ላይ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ በገንዘብ ሳይሆን በቫውቸር ነው የሚመዘገቡት፤ ወጥመዱም እዚህ አለ። የቫውቸሩ ቀን የሚገድበው ፈተናው የሚወሰድበትን ቀን እንጂ ቀጠሮ የሚያዝበትን ቀን አይደለም። ጥር 31 የሚያበቃ ቫውቸር ያለው ሰው የጥር 25ን ቀጠሮ ወደ የካቲት ላዘዋውር ቢል አይሆንለትም። በጊዜው ቢሰርዝ ቫውቸሩ ይመለስለታል፣ ነገር ግን ከቀድሞው ቀኑ አንድ ቀን አይጨመርለትም። እስከዚያ ነጻ ቦታ ያለው ማዕከል ካልተገኘ፣ ከቅጣት አመለጥኩ ያለው ሰው ያለ ቫውቸር ይቀራል። ስለዚህ ቫውቸር ያለው ከመሰረዙ በፊት ባዶ ቀን መኖሩን ይይ።

ድንገተኛ ነገር ሲመጣስ? ማዕከሉ ራሱ ከዘጋ፣ ለምሳሌ በፀጥታ ምክንያት፣ ተፈታኙ አይቀጣም፤ አዲስ ቀን ይሰጠዋል። ተፈታኙ በራሱ ምክንያት ከቀረ ግን ሰበቡን የሚቀበል ድርጅት እንኳ ማስረጃ ይጠይቃል። ፒ.ኤም.ፒ.ን የሚሰጠው ድርጅት ከባድ ሕመምን፣ የወታደራዊ ግዳጅ ጥሪንና የቅርብ ቤተሰብ ሞትን ይቀበላል። ለተጠባባቂ ጦር የተጠራ ሰው የጥሪ ወረቀቱን ይያዝ። «የቅርብ ቤተሰብ» የሚለው ግን እኛ እንደምንረዳው ላይሆን ይችላል። የአጎት ለቅሶ እኛ ዘንድ የማይቀር ነው፤ በእነሱ ወረቀት ላይ ግን ስሙ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መርዶው ሲደርስ የፈተናው ገደብ ገና ካላለፈ፣ ወደ ለቅሶው ከመነሳት በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ቀጠሮውን ማንሳት ነውር የለውም።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ፈተናችሁን እሑድ አታድርጉት። ማክሰኞ ያዙት፤ የ24 ሰዓቱ ገደብ ሰኞ ላይ ይውላል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ሁሉም ክፍት ነው።