ሐሙስ 6 ሰዓት የትኛው ነው?

«ሰላም ለሁላችሁ። የየድርሻችሁን ስላይድ እስከ ሐሙስ 6 ሰዓት ላኩልኝ። ሰማያዊውን ቴምፕሌት ተጠቀሙ። ከዚያ አንድ ላይ አይተን እናስተካክላለን።»

ይህን ኢሜይል ለአራት የክፍል ጓደኞቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ለመስክ ሥልጠና በወጣንበት ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞርን፣ ሰዎች የመጠጥ ውኃቸውን በምን እንደሚያስቀምጡ አጥንተን ነበር። ውጤቱን የምናቀርበው ለመምህራኖቻችንና ለወረዳው የጤና ባለሙያዎች ስለነበር ስላይዱ በአማርኛ ይዘጋጅ ተባለ። እንደ አስተባባሪነቴ ሥራውን አከፋፈልኩ፣ ቀን ቆረጥኩ፣ ቴምፕሌቱን አሳወቅሁ፣ ስለ እርማቱም ተናገርኩ። ሁሉንም የጨረስኩ መስሎኝ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የደረሰኝ የአንድ ሰው ፋይል ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ስልኳ ላይ 6:00 ፒኤም ብላ ማስታወሻ ሞልታ ስለነበር ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲል ላከች። ሦስተኛው የሌሊቱን 6 ሰዓት ይዞ፣ ለዓርብ አጥቢያ ልክ 6 ሰዓት ሲል ላከልኝ፤ እሱ እንደሚለው አልዘገየም፣ ምክንያቱም በእኛ አቆጣጠር ሳይነጋ ዓርብ አይገባም። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ግን ዓርብ የገባው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ሦስቱም ያነበቡት አንድ ቃል ነው፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የእኔ ነበር።

ሀገራችን ውስጥ ለቡድን ሥራ ቀነ ገደብ የሚጽፍ ሰው ሁለት ሰዓትና ሁለት የዘመን አቆጣጠር በእጁ እንዳለ መርሳት የለበትም። «18/3» ብሎ የጻፈ ሰው ኅዳር 18ን ማለቱ ይሆናል፤ የስልኩን ካላንደር በፈረንጆች አቆጣጠር ያደረገ ጓደኛው ግን ማርች 18 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሁለተኛውን ዙር ስናቀርብ፣ የቀኑን ስም፣ የወሩን ስም በፊደል፣ የቀኑን ክፍልና የኮምፒውተሩን ሰዓት አብሬ ጻፍኩ፦ «ረቡዕ ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት (በኮምፒውተር 20:00)»። ረዘም ይላል፣ ግን ሁለት ዓይነት አይነበብም። ለቀነ ገደብ ሌሊት 6 ሰዓትን ፈጽሞ አልመርጥም፤ ቀን የሚቀየርበት ሰዓት ስለሆነ የትኛውን ሌሊት እንደምንል ሁልጊዜ ያከራክራል።

ሁለተኛውን ኢሜይል በደንብ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፤ ከመጀመሪያው የሚለየው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። ማቅረቢያው 15 ደቂቃ ነበር፣ ስላይዱ ደግሞ 12። የድርሻ ክፍፍሉ እንዲህ ተጽፏል፤ በየመስመሩ የነበረውን የሰው ስም እዚህ አስቀርቼዋለሁ።

«መግቢያና ዓላማ፣ ከርእስ ገጹ ጋር 3 ስላይድ። ይህን ቀበሌ ለምን እንደመረጥንና ምን ልናውቅ እንደፈለግን ይመልሳል። የጥናቱ ዘዴ፣ 2 ስላይድ። ስንት ቤት ሄድን፣ ስንቱ መለሰልን፣ እንዴት መረጥናቸው? ውጤት፣ 4 ስላይድ። ቁጥሩን ብቻ፣ ያለ አስተያየት። ውይይት፣ 2 ስላይድ። ቁጥሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ምክረ ሐሳብ፣ 1 ስላይድ። ወረዳው በራሱ አቅም ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች ሦስት።»

«ውጤት ያንተ ነው» ብቻ ሲባል ሰውየው የፈለገውን ያህል ይጽፋል። በመጀመሪያው ዙር ውጤት የደረሰው ልጅ ትጉህ ነበርና ዘጠኝ ስላይድ ላከልኝ፤ ሁለቱ ውይይት ውስጥ የሚገቡ ሐሳቦች ነበሩ፣ የውይይቷ ባለቤትም እነዚያኑ ጽፋ ነበር። ድርሻው የሚመልሰው ጥያቄ ሲጻፍ ግን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። የስላይዱ ቁጥርም ከደቂቃው ጋር ይሄዳል፤ 12 ስላይድ ለ15 ደቂቃ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተሩብ ይደርሰዋል፤ የርእሱ ገጽ ያን ያህል ስለማይፈጅ የተረፈው ለውጤት ይሄዳል።

የቴምፕሌቱ ነገር ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላ ነው፣ ብዙ አስተባባሪዎችም እዚህ ላይ ይቸገራሉ። «ሰማያዊውን ተጠቀሙ» ባልኩ ጊዜ አምስት ዓይነት ሰማያዊ ደረሰኝ። ሁለቱ ፋይሎች በድሮው የቴሌቪዥን ቅርጽ፣ በ4:3 የተሠሩ ነበሩ፤ ወደ ሰፊው 16:9 ሲገቡ ሥዕሎቹ ተለጠጡ። ደንቡ በቃል መነገሩ አይበቃም፣ ፋይሉ ራሱ ከኢሜይሉ ጋር መሄድ አለበት። በሁለተኛው ዙር ባዶ ቴምፕሌት አያይዤ ላክሁ፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠንና የገጽ ቁጥሩ Slide Master ውስጥ ተቀምጧል። ኢሜይሉ ላይ የጻፍኩት ደንብ አንድ ነው፦ «አዲስ የጽሑፍ ሳጥን አትሳሉ፣ ቴምፕሌቱ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጻፉ። ከሌላ ፋይል ስትገለብጡ Use Destination Theme የሚለውን ምረጡ።»

ይህ ደንብ መከበሩን ማወቂያው ቀላል ነው። View ውስጥ Outline View የሚለውን ሲከፍቱ በቴምፕሌቱ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ሁሉ በግራ በኩል ተዘርዝሮ ይታያል። ሰው በራሱ እጅ በሳለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ግን እዚያ የለም። ስላይዱ ሞልቶ እያለ ዝርዝሩ ላይ ባዶ ከሆነ፣ ያ ሰው ቴምፕሌቱን አልተጠቀመም፤ ቀለሙን ወይም መጠኑን በአንድ ጊዜ ልቀይር ቢሉ የእሱ ገጽ ብቻውን እንዳለ ይቀራል።

ለአማርኛ ስላይድ ደግሞ የፎንት ጉዳይ አለ። በድሮ ፕሮግራም፣ በዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ያማረ አማርኛ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር የአንድ ጓደኛችን የመግቢያ ገጽ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው፤ ልጁ በቃሉ ተናግሮ ጨረሰ፣ ከኋላው ያለውን ግን ማንም ማንበብ አልቻለም። ያን ቀን ፊቱን አይቼ ዛሬም አልረሳሁትም። መመርመሪያው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፦ ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ Nyala ወይም Ebrima መቀየር ነው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ከዞረ ግን በአዲሱ አጻጻፍ መልሶ ከመጻፍ ወይም ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለም። ይህ ሥራ ለማቅረቢያው ቀን መተው የለበትም፤ ለዚህ ነው ኢሜይሉ ላይ ፎንቱን በስሙ የጻፍኩት።

አሁን ወደ እርማቱ ልምጣ። «አንድ ላይ አይተን እናስተካክላለን» ማለት በተግባር ማንም አያይም ማለት ነው፤ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ይተወዋል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ድርሻ አንድ አራሚ ተመደበለት፤ አራሚው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ድርሻ ባለቤት ነው። ዘዴውን የሚያየው የውጤት ባለቤት ነው፣ ውጤቱን የምታየው የውይይት ባለቤት። ምክረ ሐሳቡን የመግቢያው ባለቤት ያየዋል፤ መጀመሪያ የጠየቅነው መልስ ማግኘቱን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ያለው ሰው ሥራውን የሚሠራው ከፊቱ ባለው ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ግድ ኖሮት ያነባል።

አንዱን ስህተት ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው። የዘዴው ስላይድ «240 ቤቶች» ይላል። ውጤቱ ደግሞ የውኃ ዕቃቸው ክዳን የሌለው ቤቶች 59 ናቸው፣ ይህም 25 በመቶ ነው ይላል። የውይይቷ ባለቤት ስታርም 59ን ለ240 አካፈለችና 24.6 አገኘች። በፓወርፖይንቱ የአስተያየት ቦታ ላይ «ከየት መጣ?» ብላ ጻፈች፤ ስላይዱን ራሷ አልነካችም፣ ይህም በኢሜይሉ የተጻፈ ደንብ ነበር። መልሱ ከዘዴው ባለቤት መጣ፦ 240 ቤት ሄደን አራቱ ዝግ ነበሩ፣ መልስ የሰጡን 236 ናቸው። 59 ለ236 ሲካፈል ልክ 25 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ነበሩ፤ የጎደለው ዘዴው ላይ ስለ አራቱ ዝግ ቤቶች አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

የቀኑ አቀማመጥ እንዲህ ነበር። ረቡዕ 18 የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ሐሙስ 19 የጓደኛ እርማት፣ ዓርብ 20 ባለቤቱ ያስተካክላል። ቅዳሜ ኅዳር 21 ጽዮን ስለሆነች፣ ከመካከላችንም ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ምንም ሥራ አልተቀመጠበትም። እሁድ 22 እኔ አምስቱን ፋይል አንድ አደርጋለሁ። ሰኞ 23 ለአማካሪ መምህራችን ይላካል፣ ረቡዕ 25 ልምምድ፣ ሐሙስ 26 ማቅረቢያ። አማካሪያችን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን፣ እኛም ያሉትን ለማስተካከል ከልምምዱ በፊት አንድ ምሽት ነበረን።

ከእሁድ በኋላ ያለው ደንብ ከሁሉም ጥብቅ ነበር፦ «አንድ ከሆነ በኋላ የየራሳችሁን ፋይል አትንኩ። የሚስተካከል ካለ የስላይዱን ቁጥርና አዲሱን ጽሑፍ ጻፉልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ።» ይህ ካልተባለ ሰው አሮጌውን ፋይል አርሞ ይልካል፤ አስተባባሪውም የትኛው አዲስ እንደሆነ ሲፈልግ ያድራል። የፋይል ስምም አብሬ ሰጥቻቸው ነበር፣ `03_Wutet_v1.pptx` እንዲህ፤ ቁጥሩ የድርሻው ተራ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ የስንተኛ እትም እንደሆነ ይናገራል።

ይህን ሁሉ ለምን በቴሌግራም አልላክሁትም የሚል ይኖራል። ግሩፓችን ቴሌግራም ላይ ነው፣ ቀን ከሌሊት እናወራበታለን፤ ለዚህ ነው ያልላክሁት። እዚያ የተጻፈ ረጅም መልእክት በማግስቱ ከመቶ መልእክት በታች ይቀበራል። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት «ኢሜይል ልኬአለሁ፣ ዛሬ ማታ አንብቡና ያልገባችሁን እዚያው መልሱ» የሚል ብቻ ነው። አባሪውም እንዳይከብድ ፎቶዎቹን አሳንሱ ብያለሁ፤ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም፣ ፋይሉም በመንገድ ላይ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ ገና 25 ሳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ረቡዕ 18 ምሽት የምክረ ሐሳቡ ባለቤት ሰፈር መብራት ጠፋ። ኢሜይሉ ላይ «ካልጨረሳችሁ በሰዓቱ ያለቀውን ያህል ላኩ፣ የቀረውንም በአንድ መስመር ግለጹ» የሚል ነበርና፣ ልጁ ከሦስቱ ነጥብ ሁለቱን ከስልኩ ላከ። አራሚው ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን አየለት፣ ሦስተኛው ዓርብ ገባ።

ሐሙስ 26 አዳራሹ ውስጥ ከወረዳው ባለሙያዎች አንዷ እጃቸውን አወጡና «አራቱ ዝግ ቤቶች ተመልሳችሁ ሄዳችሁባቸዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። የዘዴው ባለቤት ብድግ ብሎ ሁለት ጊዜ መሄዳቸውን፣ በሁለተኛውም ዝግ መሆኑን ተናገረ። ሴትዮዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና «እሺ ልጄ፣ ቀጥሉ» አሉ።