ባንክ የሚያውቀው ሽያጭ

የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ምጣኔው 15 በመቶ ነው። ነጋዴው በየወሩ ሽያጩንና ግዢውን ያሳውቃል፣ ልዩነቱን ይከፍላል። ይህን አንባቢ ያውቀዋልና አልፈዋለሁ። ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው የታወጀውን ሽያጭ ከሌጀሩና ከባንክ ገቢው ጋር የማስታረቅን ሥራ ነው። ከቫት ኦዲት ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ በጣም በጥድፊያ የሚሠራውም እሱ ነው።

ብዙ ጀማሪ ኦዲተር ማስታወቂያው ከሌጀሩ የሽያጭ ሒሳብ ጋር ሲገጥም እፎይ ይላል። ግን ሁለቱ ከየት መጡ? ሒሳብ ሠራተኛው ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የወጣውን ዜድ ሪፖርት ይዞ ሌጀሩን ይመዘግባል፤ ከዚያው ሌጀር ማስታወቂያውን ይሞላል። ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ከመጀመሪያው መሣሪያው ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ጎድሏል። መግጠማቸው የሚያረጋግጠው ሠራተኛው በትክክል መገልበጡን ብቻ ነው። ባንኩ ግን ለደረሰኙ ደንታ የለውም፤ የገባለትን ገንዘብ ሁሉ ይመዘግባል።

አንድ ጉዳይ ላሳያችሁ፤ ለመከታተል እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለጥር 2017 ከቫት በፊት 2,000,000 ብር ሽያጭና 300,000 ብር ቫት አሳውቋል። ሌጀሩም ይኸንኑ ይላል። በሁለት ባንኮችና በቴሌብር የገባው ገንዘብ ሲደመር ግን 3,680,000 ብር ነው።

ከመደመሩ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። የመደብሩ ማስታወቂያ በእኛ ወር ነው፤ የባንክ ስቴትመንት የሚታተመው በፈረንጆች ቀን ነው። ጥር 2017 ማለት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ነው። «የጃንዋሪን ስቴትመንት ስጡኝ» ያለ ኦዲተር ስምንት የታኅሣሥ ቀናት ይጨመሩበታል፣ የጥር የመጨረሻ ሰባት ቀናት ይቀሩበታል። በዚህ ብቻ የተፈጠረ «ግኝት» አይቼ አውቃለሁ፤ ነጋዴው ለወራት ተመላልሶበታል። እባካችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት እንምጣ። ጥድፊያ የያዘው ሰው ከ3,680,000 ላይ 2,000,000 ቀንሶ በቀረው 1,680,000 ላይ 15 በመቶ ያሰላና 252,000 ብር ቫት ተደብቋል ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፤ አንደኛ፣ ወደ ባንክ የገባ ሁሉ ሽያጭ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ ከደንበኛ የተቀበሉት ገንዘብ ቫቱን በውስጡ ይዞ የገባ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽያጭ ያልሆነውን እናወጣለን። 400,000 ብር ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የተዛወረ የራሱ የመደብሩ ገንዘብ ነው፤ ከአንዱ የወጣበት ቀንና መጠን ከሌላው የገባበት ጋር ይገጥማል። 60,000 ብር ስንቅ አጥቶ የተመለሰና እንደገና የገባ ቼክ ነው፤ በገቢ በኩል ሁለት ጊዜ ስለሚታይ አንዱ ይቀነሳል። 500,000 ብር ደግሞ ባለቤቱ «የእቁብ ዕጣ ነው» ያሉት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ኦዲተር ወይ ሳይጠይቅ ይቀበላል ወይ ሳይሰማ ይጥላል። እቁብ ግን ዱካ አለው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ከዚያው ሒሳብ ሲወጣ ነበር፤ የእቁቡ ጸሐፊ መዝገብም ስማቸውንና ዕጣው የወጣበትን ቀን ይዟል። ስለዚህ ይቀነሳል። የቀረው 2,720,000 ነው።

ቀጥሎ ጊዜውን እናስተካክላለን። በታኅሣሥ በዱቤ ተሸጦ ያኔውኑ የታወጀ 230,000 ብር በጥር ተሰብስቧል፤ ሁለት ጊዜ ቫት እንዳይከፈልበት ይወጣል። በተቃራኒው በጥር በዱቤ ተሸጦ ደረሰኝ የተቆረጠለት 345,000 ብር ገና አልተሰበሰበም፤ ባንክ ባይገባም የጥር ሽያጭ ነውና ይጨመራል። በመጨረሻም ከመሳቢያ ለጫኝና አውራጅ በጥሬው የተከፈለ 40,000 ብር አለ። ሽያጩ ተፈጽሟል፣ ገንዘቡ ግን ባንክ ሳይደርስ ወጥቷል፤ ይጨመራል። ድምሩ 2,875,000 ብር ይሆናል።

ይህ ቫት ያለበት ቁጥር ነው። ለ1.15 ሲካፈል 2,500,000 ይሰጣል። የታወጀው 2,000,000 ስለሆነ ያልታወጀው ሽያጭ 500,000፣ ቫቱ 75,000 ብር ነው። 252,000 አይደለም። ማካፈሉን የረሳ ሰው ሌላውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ እንኳ 131,250 ላይ ይደርሳል፤ በቫት ላይ ቫት አስከፈለ ማለት ነው።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ እኔ ግን የምወደው ክፍል ገና አሁን ይጀምራል። ልዩነት ገና ማስረጃ አይደለም። ቫትን ጨምሮ 575,000 ብር ባንክ ገብቷል፤ ሌጀሩም ከባንኩ ጋር ታርቆ ተዘግቷል። እንግዲህ ሒሳብ ሠራተኛው ይህን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሲመዘግብ በሌላው በኩል የት ጻፈው? ሽያጭ ላይ አልጻፈውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሌጀሩን ገልጦ መፈለግ ነው።

በዚህ መደብር ሁለት ቦታ ተገኘ። አንድ ተቋራጭ የከፈለው 275,000 ብር «የደንበኞች ቅድመ ክፍያ» በሚል ዕዳ ተይዟል። የመጋዘን ወጪ ሰነዱ ሲታይ ግን ለዚያው ተቋራጭ ብረትና ሲሚንቶ በዚያው ወር ወጥቶለታል። ዕቃውን ተረክቧል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ያልተቆረጠው ደረሰኙ ብቻ ነው። 300,000 ብር ደግሞ «ከባለቤቱ የተወሰደ ብድር» ይላል። የብድር ውል የለም፤ ገንዘቡ የገባው በትንንሹ፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ሰኞ ነው፤ የቅዳሜ ገበያ ገንዘብ ባንክ የሚደርስበት ቀን። የገቢ ማድረጊያ ወረቀቶቹ ላይም የአስገቢው ስም የሱቁ ገንዘብ ያዥ ነው፤ በአንዳንዱ ላይ የገዢው ስም በእርሳስ ተጽፏል። ባለቤቱ ወረቀቶቹን አይተው «በርግጥ ሽያጭ ነው» አሉ። ይህ ዓይነቱ ግኝት በቅሬታም በይግባኝም ይቆማል፤ ከባንክ ድምር ላይ በጥድፊያ የተቀነሰው ግን አይቆምም።

ዘዴው የማያየውም አለ። በጥሬ ገንዘብ ተሸጦ፣ በዚያው ጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ዕቃ የተገዛበት ንግድ ባንክ ውስጥ ዱካ አይተውም፤ እሱን የሚያጋልጠው የዕቃ ቆጠራና የትርፍ ህዳግ ነው። ገዢው በባለቤቱ ወይም በትዳር ጓደኛቸው የግል ስልክ የላከው ቴሌብርም በድርጅቱ ስቴትመንት አይገኝም። ስለዚህ ሱቁ ስትገቡ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይና ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የክፍያ ቁጥሮች ጻፉ፤ ከዚያ ከተሰጣችሁ የሒሳቦች ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

ለባለ ሱቆችም አንድ ቃል አለኝ። የእቁብን፣ የዘመድን አደራና የቤት ሽያጭን ገንዘብ በድርጅቱ ሒሳብ አታሳልፉ። ካሳለፋችሁም በገቢ ማድረጊያ ወረቀቱ ላይ ምንነቱን በዚያው ቀን ጻፉበት፤ ወረቀቱንም ከነማስረጃው አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ እናንተም ሒሳብ ሠራተኛችሁም አታስታውሱትም።